በኑዛዜ የሰጡት ቤት ቢሸጥ፣ ተቀባዩም ቀድሞ ቢሞት

በእንግሊዝና በዌልስ ኑዛዜ የምታደርጉ ወገኖች፣ አንድን ንብረት ለይታችሁ ስትሰጡ የቃላት አመራረጣችሁን ልብ በሉ። ተናዛዡ «በክሮይደን ያለው አፓርታማዬ ለእህቴ ይሁን» ብሎ ከጻፈ በኋላ አፓርታማውን ሸጦ በሉተን ሌላ ቤት ቢገዛ፣ ኑዛዜው ካልተሻሻለ በቀር እህቱ አዲሱን ቤትም ሆነ የሽያጩን ገንዘብ በዚያ ስጦታ መጠየቅ አትችልም። ስለዚህ «ስሞት መኖሪያዬ የሆነው ቤት» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

እህቱ ቀድማ ከሞተች ደግሞ ስጦታው ቀሪውን ሀብት ለሚወርሰው ሰው ይሄዳል እንጂ፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት ለልጆቿ አያልፍም። በ1837ቱ የኑዛዜ ሕግ አንቀጽ 33 መሠረት፣ ኑዛዜው ሌላ ሐሳብ ካላሳየ፣ ስጦታው በሕይወት ላሉ ልጆቹ የሚተላለፈው ቀድሞ የሞተው ተቀባይ የተናዛዡ ልጅ ወይም ሌላ ተወላጅ ሲሆን ነው፤ ለእህት ልጆች ግን «እርሷ ቀድማ ከሞተች ለልጆቿ በእኩል ይከፋፈል» የሚል ሐረግ መጨመር ያስፈልጋል።