ሰባትን ሳትተኩ P(7)ን ማግኘት፡ ሪሜይንደር ቲዎረም እንዴት እንደሚሰራ

ባለፈው እሁድ እዚህ ጎንደር ማራኪ ሰፈር የጎረቤቴን ልጅ ሒሳብ ላስጠናት ተቀምጬ ነበር፣ አስረኛ ክፍል ናት። ሆምወርኳ ላይ P(x) = 2x⁴ − 13x³ − 9x + 20 ተሰጥቶ «ሪሜይንደር ቲዎረምን ተጠቅመሽ P(7)ን ፈልጊ» ይላል። ልጅት ግማሽ ገጽ በ7×7×7×7 ሞልታ፣ 4802 ላይ ደርሳ፣ ከሱ 4459 ስትቀንስ ተሳስታ ሰርዛ፣ እንደገና ጀምራ ደረሰችኝ። «ጋሼ ይሄ እኮ ዝም ብሎ ሰባትን መክተት ነው፣ ቲዎረሙ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ብዙ ጊዜ ቲዎረሙን አሸምድደው ለምን እንደሆነ ሳይነግሯቸው ነው የሚያልፉት፣ ስለዚህ ለሷ ያሳየኋትን እንዳለ ልጻፈው።

መጀመሪያ ነገርዬው ምን እንደሚል። 23ን ለ5 ስታካፍሉ ድርሻው 4 ቀሪው 3 ነው፣ ማለትም 23 = 5×4 + 3። ፖሊኖሚያልም እንደዚሁ ነው፣ P(x)ን ለ x − 7 ብታካፍሉት የሆነ ድርሻ Q(x) እና የሆነ ቀሪ R ይወጣል፦

P(x) = (x − 7)·Q(x) + R

አካፋዩ አንደኛ ዲግሪ ስለሆነ ቀሪው x የሌለበት ቁጥር ብቻ ነው፣ ይቺን ልብ በሉልኝ። አሁን በ x ቦታ 7 ብታስገቡ ቅንፉ 7 − 7 ይሆንና ዜሮ ይሆናል፣ Q ምንም ያህል ረጅም ቢሆን በዜሮ ተባዝቶ ይጠፋል፣ የሚቀረው R ብቻ ነው። ስለዚህ P(7) = R። በቃ ቲዎረሙ ይሄ ነው፣ ዋጋውን የፈለገ ሰው አካፍሎ ቀሪውን ቢያይ ይበቃዋል።

«ማካፈልማ ይባስ ይከብዳል» አለችኝ፣ ረጅሙን የማካፈል ዘዴ አስባ ነው። በሱ ከሆነማ እኔም አልመክርም። እኛ የምንጠቀመው ሲንተቲክ ዲቪዥን የሚባለውን ነው፣ x አይጻፍበትም፣ ኮኢፊሸንቶቹ ብቻ ተደርድረው ማባዛትና መደመር ነው።

አንደኛ፣ ኮኢፊሸንቶቹን ከትልቁ ዲግሪ ጀምራችሁ ደርድሩ። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚወድቀው። ከላይ ያለው ፖሊኖሚያል ውስጥ x² የለም፣ ከ x³ ዘሎ x ላይ ነው የሚገባው። ሲደረደር ግን የ x² ቦታ በ0 መያዝ አለበት፣ ስለዚህ ድርድሩ 2, −13, 0, −9, 20 ነው። ልጅት እንደጠበቅኩት 2, −13, −9, 20 ብላ ጻፈችው። እናቷ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለቻቸውና እንዲህ አልኳት፣ አንዱ ደንበኛ 2053 ብር ዱቤ ወስዶ አንቺ መዝገቡ ላይ ዜሮዋ ምንም አትልም ብለሽ 253 ብትጽፊ እማዬ ምን ትልሻለች? ሳቀች። ግን ምሳሌ ብቻ አይደለም እኮ፣ 2053 ማለት 2x³ + 5x + 3 ላይ x = 10 ሲሆን ማለት ነው፣ ያቺ ዜሮ የ x² ቦታ ያዥ ናት። ዘዴው ሁለቱም ጋ አንድ ነው።

ዜሮ መርሳታችሁን የምታውቁበት መንገድ ቀላል ነው፦ የተደረደሩት ቁጥሮች ብዛት ከዲግሪው በአንድ መብለጥ አለበት። አራተኛ ዲግሪ ከሆነ አምስት ቁጥር። አራት ከሆነ አንዱ ጎድሏል፣ ሌላ ምንም መመርመር አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ 7ን በግራ ጻፉና ጀምሩ። የመጀመሪያውን ቁጥር 2ን እንዳለ አውርዱት። ከዛ የወረደውን በ7 አባዙ፣ 14፣ በሚቀጥለው ቁጥር ስር ጻፉት፣ ደምሩ፣ −13 + 14 = 1። እንደገና 1ን በ7፣ 7፣ ከ0 ጋር 7። 7 በ7 49፣ ከ −9 ጋር 40። 40 በ7 280፣ ከ20 ጋር 300።

```
7 |  2   -13    0    -9    20
  |       14    7    49   280
  ----------------------------
     2     1    7    40   300
```

የመጨረሻዋ 300 ቀሪዋ ናት፣ ስለዚህ P(7) = 300። ከሷ በፊት ያሉት 2, 1, 7, 40 ደግሞ የድርሻው ኮኢፊሸንቶች ናቸው፣ Q(x) = 2x³ + x² + 7x + 40፣ ለዛሬው ጥያቄ አያስፈልገንም ግን በነጻ መጥቷል። በረጅሙ ማረጋገጥ ለሚፈልግ 4802 − 4459 − 63 + 20፣ ያው 300 ነው። እዛ ስምንት ማባዛት ነበረው፣ እዚህ አራት ነው፣ ደግሞ ቁጥሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ካልኩሌተር በማይገባበት ፈተና ላይ ትልቁ ጥቅም እሱ ይመስለኛል፣ ከ4802 ላይ 4459 መቀነስና −13 ላይ 14 መደመር እኩል አያሳስቱም።

ዜሮዋን ረስታ የሰራችው ምን እንደሰጣት ልንገራችሁ፣ 2, 1, −2, 6፣ መልስ 6። ስህተት መሆኑ በፊቱ አይታወቅም፣ ቆንጆ ቁጥር ነው። ግን 6 የሌላ ፖሊኖሚያል ዋጋ ነው፣ የ 2x³ − 13x² − 9x + 20። በትክክል የተሰራ ግን ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር ደሞ በሐቅ ልናገር፣ «ሳንተካ» የምንለው ለስሙ ነው። 7ን ተክተነዋል፣ ግን በየደረጃው ቀስ እያልን። ፖሊኖሚያሉን ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲህ ብትጽፉት ይታያችኋል፦

(((2x − 13)x + 0)x − 9)x + 20

በሰንጠረዡ ያደረግነው ይሄንኑ ነው፣ 2 በ7 ሲቀነስ 13፣ ያ በ7 ሲደመር 0፣ እያለ ይወጣል። ለዛ ነው 7⁴ የሚባል ነገር የትም ቦታ ሳናሰላ የጨረስነው። ይሄ አካሄድ እ.ኤ.አ. በ1819 ጽሑፍ ባወጣው እንግሊዛዊ በሆርነር ስም ነው የሚጠራው፣ ቻይናዊው ቺን ጂውሻው ግን በ1247 በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ተጠቅሞበታል፣ ስሙን ያገኘው ዘግይቶ የመጣው ሰው ነው።

ኔጌቲቭ ሲመጣ። ቀጥሎ የሰጠኋት P(x) = x³ + 6x² − 3x + 10 ሆኖ P(−4) ነበር። ጥያቄው «ለ x + 4 ሲካፈል ቀሪው ስንት ነው» ተብሎም ሊመጣ ይችላል፣ ያው ነው፣ ምክንያቱም x + 4 ማለት x − (−4) ነው። በግራ የሚጻፈው አካፋዩን ዜሮ የሚያደርገው ቁጥር ነው፣ ማለትም −4፣ x + 4 ላይ የምታዩት 4 አይደለም።

```
-4 |  1    6    -3    10
   |      -4    -8    44
   -----------------------
      1    2   -11    54
```

P(−4) = 54። በ+4 ብትሰሩት 158 ይወጣል፣ እሱ ደግሞ P(4) ነው።

ታዲያ ስህተቱን ሙሉውን ሳልደግም እንዴት ላውቅ ካላችሁ እኔ የምወዳት አንዲት ማጣሪያ አለች። ኮኢፊሸንቶቹ ሙሉ ቁጥር ከሆኑ፣ P(1) ማለት ኮኢፊሸንቶቹን ዝም ብሎ መደመር ነው፣ እዚህ 1 + 6 − 3 + 10 = 14። መልሳችሁ ላይ ይሄንን ስትቀንሱ ውጤቱ ለ c − 1 ያለቀሪ መካፈል አለበት፣ c ያስገባችሁት ቁጥር ነው። c = −4 ከሆነ c − 1 = −5፣ 54 − 14 = 40፣ ለ5 ይካፈላል፣ ጥሩ። 158 ግን 158 − 14 = 144፣ ለ5 አይካፈልም፣ ተይዟል። የምልክት ስህተትና የመደመር ስህተት ብዙውን ጊዜ እዚህ ይወድቃል። ብዙውን ጊዜ አልኩ እንጂ ሁሌ አይደለም፣ የተረሳ ዜሮን ለምሳሌ ጭራሽ አትይዝም፣ ምክንያቱም ዜሮ ተጻፈ አልተጻፈ ድምሩ ያው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ሞክሩት፣ ድምሩ 0 ነው፣ 300ም የተሳሳተው 6ም ለ6 ይካፈላሉ፣ ሁለቱም ያልፋሉ። ስለዚህ ለዜሮ መቁጠሩ፣ ለሌላው ይቺ።

አካፋዩ 2x − 1 ዓይነት ሲሆን በግራ 1/2 ይገባል፣ ቀሪው ልክ ይሆናል፣ ድርሻውን ከፈለጋችሁ ብቻ ለ2 ማካፈል አለባችሁ። አካፋዩ x² − 4 ሲሆን ግን ይሄ አይሰራም፣ ቀሪው ራሱ x ሊኖርበት ስለሚችል አንድ ቁጥር ጠብቃችሁ አትጀምሩ።

እና ደግሞ ሁሌ ሲንተቲክ ይሻላል ማለት አይደለም፣ ቲዎረሙ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፣ ዋጋን በቀሪ እንደምናገኘው ቀሪንም በዋጋ እናገኘዋለን። መጨረሻ ላይ ይሄን ሰጠኋት፦ x⁵⁰ − 3x + 2 ለ x + 1 ሲካፈል ቀሪው ስንት ነው? እኔ ቡናዬን ልጠጣ ዘወር ስል ልጅት በግራ −1 ጽፋ፣ ቀጥላ 1፣ ከዛ 0, 0, 0, 0... የተነገራትን ዜሮ በሥርዓት እየደረደረች ነው። ዘጠነኛው ዜሮ ላይ ደርሼ እጇን ያዝኳት፣ ገና ሠላሳ ዘጠኝ ይቀራታል። −1 ሃምሳ ጊዜ ሲባዛ 1፣ ሲደመር 3፣ ሲደመር 2፣ 6። «እንዴ ጋሼ፣ ይሄማ መክተት ነው!» አለችኝ።