ባዶ ቦታው ተሞላ፤ መልሱ ግን ልክ ነው?

የእንግሊዝኛ ጥያቄው «ሺ ____ ኢን ሃረር ፎር ቴን ይርስ» ይላል፤ ተማሪው ባዶ ቦታው ላይ «ሊቭድ» ብሎ ጻፈ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው የመልስ ወረቀት «ሃዝ ሊቭድ» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ደግሞ ሁለቱም ያስኬዳሉ ባይ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ማታ ማታ ልጆች ሳስጠና ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ የእንግሊዝኛ ክርክር ይሄ ነው። ክርክሩን የሚፈቱት ከባዶው ቦታ ግራና ቀኝ ያሉት ቃላት ናቸው።

ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጥያቄ ነው የምፈትሸው፦ መልሱ እንዲህ እንዲሆን ያስገደደው የትኛው ቃል ነው? ቃሉን በጣታችሁ ማሳየት ከቻላችሁ መልሱ ተረጋግጧል። ካልቻላችሁ ወይ ገምታችኋል፣ ወይ ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው። ምሳሌዎቹን በእኛው ፊደል እጽፋቸዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ይሄ ራሱ ሥራ ይሠራልናል።

ምልክት፦ በአማርኛ ልክ ነው፣ በእንግሊዝኛ ኤክስ ተደረገበት

ጥያቄው «አይ ____ ሂም የስተርደይ» ይላል። የተሰጠው ግስ «ሲ» ነው፣ ማየት። ተማሪዋ «ሃቭ ሲን» ብላ ሞላችው። ተሳስታለች፤ ስህተቷ ግን ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። እኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» እንላለን፤ ማንም ቅር አይለውም። እንግሊዝኛው ግን ይሄን ጥምረት አይቀበልም። «ሃቭ ሲን» ያለፈውን ነገር ከአሁን ጋር የሚያያይዝ ቅርጽ ነው። «የስተርደይ» ደግሞ አልቆ የተዘጋ ጊዜ ነው። ሁለቱ አብረው አይቆሙም።

መፍትሄው መጀመሪያ የጊዜ ቃሉን ፈልጎ «ይሄ ጊዜ አልቋል?» ማለት ነው። ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ ከሁለት ቀን በፊት፣ የተወሰነ ዓመተ ምህረት፣ ሁሉም ያለቁ ናቸው። ያለቀ ከሆነ ተራው ያለፈ ጊዜ ይገባል፦ «ሶው»። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1902 ነው። ስለዚህ «ዘ ሬይልዌይ ____ ድሬዳዋ ኢን 1902» የሚል ጥያቄ ቢመጣ መልሱ «ሪችድ» ብቻ ነው። ሐዲዱ ዛሬም ለዓይን ቢታይ «ሃዝ ሪችድ» አይሆንም። ዓመቱ በሩን ዘግቶታል።

የሚያስቸግረው «ዚስ ሞርኒንግ» ነው፣ ዛሬ ጠዋት። ተናጋሪው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር 4 ሰዓት ላይ ሆኖ ከተናገረ ጠዋቱ ገና አላለቀም፤ «ሃቭ ሲን» ያስኬዳል። 9 ሰዓት ላይ ከሆነ ጠዋቱ አልፏል፤ «ሶው» ይላል። ጥያቄው ሰዓቱን ካልነገረን ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱን ብቻ ልክ የሚያደርግ የመልስ ወረቀት የጎደለውን ነገር ራሱ ገምቶ ነው የሞላው።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። «ከ2010 ጀምሮ ድሬዳዋ እኖራለሁ» የሚለውን በጭንቅላቱ ይዞ «አይ ____ ኢን ድሬዳዋ ሲንስ 2010» ላይ «ሊቭ» የሚሞላ ብዙ ነው። አማርኛው «እኖራለሁ» ስላለ አሁን ያለ ድርጊት መስሎት ነው። በእንግሊዝኛ «ሲንስ» ካለፈ ነጥብ ተነስቶ እስካሁን የደረሰ ዕድሜ ስለሚቆጥር «ሃቭ ሊቭድ» ያስፈልገዋል። «ሃቭ ቢን ሊቪንግ» ያለም ልክ ነው። ሁለቱም ምርጫ ውስጥ ከገቡ ጥፋቱ የጥያቄ አውጪው ነው።

ምልክት፦ «ፎር» አለ፣ ግን መልሱ ይለዋወጣል

በየማጠናከሪያ ትምህርቱ የሚሸመደድ አንድ ነገር አለ፦ «ፎር ካየህ ሃቭ ጻፍ»። ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ሲንስ» ጠንካራ ምስክር ነው። «ፎር» ግን የቆይታውን ርዝመት ብቻ ነው የሚናገረው። ቆይታው ይቀጥል ወይ ያብቃ እሱ አያውቅም።

እስቲ አንዱን ዘርዝረን እንየው። «ሺ ____ ኢን ሃረር ፎር ቴን ይርስ።» ሐረር አሥር ዓመት፣ ግሱ መኖር ነው። እዚህ ላይ ነጥብ ካለ ሁለት መልስ አለው። «ሊቭድ» ከሆነ አሥር ዓመት ኖራ ለቅቃለች። «ሃዝ ሊቭድ» ከሆነ ዛሬም እዚያው ናት። ከሁለቱ አንዱን መጣል አትችሉም፤ ያስገደደ ቃል የለምና።

አሁን ዓረፍተ ነገሩን እናስረዝመው። «... ኤንድ ዜን ሺ ሙቭድ ቱ ድሬዳዋ» የሚል ቢከተል፣ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ተዛውራለች ማለት ነው። የሐረሩ ኑሮ ተዘግቷል፣ መልሱ «ሊቭድ» ሆነ። በሱ ፈንታ «... ኤንድ ሺ ስቲል ሴልስ ስፓይስስ ኒር ሸዋ በር» ቢል፣ አሁንም እዚያው ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ቅመም ትሸጣለች ማለት ነው። ያኔ ወደ «ሃዝ ሊቭድ» እናዘነብላለን። ልብ በሉ፣ ማዘንበል ነው ያልኩት። ሴትየዋ ድሬዳዋ እያደረች ሐረር እየተመላለሰች ልትሸጥ ትችላለች፤ መንገዱ እንደሆነ ቅርብ ነው። ፈተና ላይ ግን ጥያቄ አውጪው በ«ስቲል» የጠቆመው «ሃዝ ሊቭድን» ነው።

በመግቢያው ላይ ሦስቱን ያከራከራቸው ጥያቄ ይሄው ነበር። ሁለቱም ያስኬዳሉ ያለው ልጅ ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ካለቀ ትክክል ነው። የሚቀጥል ከሆነ ግን ጨርሶ ማንበብ ነበረበት። ብዙ ልጆች ባዶው ቦታ ጋ ሲደርሱ ማንበብ ያቆማሉ። ፍንጩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ምልክት፦ «ኧ» ነው «አን»?

«አናባቢ ፊት አን» የሚለውን ሁሉም ያውቃል። ስህተቱ የሚመጣው በዓይን ስለሚፈልጉት ነው። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ያታልላል። «ዩኒቨርሲቲ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በአናባቢ ፊደል ይጀምራል፤ «አወር»፣ ማለትም ሰዓት፣ በተነባቢ ፊደል ይጀምራል። ጆሮ ግን የሚሰማው ሌላ ነው፤ ሕጉም የሚከተለው ጆሮን ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ይገላግለናል። የእንግሊዝኛውን ቃል እንደሚጠራው አድርጋችሁ በአማርኛ ጻፉት። የመጀመሪያው ሆሄ ከአ ቤት ከሆነ «አን» ነው። ከሌላ ቤት ከሆነ «ኧ» ነው። ዩኒቨርሲቲ በዩ ይጀምራል፣ ስለዚህ «ኧ»። አወር በአ ይጀምራል፣ ስለዚህ «አን»። ኦነስት፣ ታማኝ የሚለው፣ «አን» ይወስዳል። ዩሮፒያን «ኧ»። ዋን «ኧ»። ኤፍኤም ሬዲዮ «አን»፤ ፊደሉን ብቻ ያየ ሰው ግን «ኧ» ማለቱ አይቀርም።

ይሄ ዘዴ የሚሠራው አጠራሩን ካወቃችሁ ብቻ ነው። «አወርን» «ሃወር» ብሎ የሚጠራ ልጅ በራሱ አጠራር ይሳሳታል። ሌላም ነገር ልብ በሉ። የሚቆጠረው ወዲያው የሚከተለው ቃል ነው፣ ስሙ አይደለም። «አን ኦልድ ዩኒቨርሲቲ» እንላለን፣ በመሃል «ኦልድ» ስለገባ።

ምልክት፦ ባዶው ቦታ ምንም የማያስፈልገው ይመስላል

«ማይ ሲስተር ኢዝ ____ ቲቸር።» አማርኛው «እህቴ አስተማሪ ናት» ነው። ምንም ጭማሪ ስለሌለው ተማሪው ሰረዝ አድርጎ ያልፋል። መልሱ «ኧ» ነው። እኛ የታወቀውን ነገር ቃሉ መጨረሻ ላይ እናሳያለን፦ ባቡሩ፣ አስተማሪዋ። ላልታወቀው ብዙ ጊዜ ባዶውን እንተወዋለን። እንግሊዝኛ ግን አንድ የሚቆጠር ነገርን ራቁቱን አይተውም፤ ከፊቱ «ኧ»፣ «ዘ»፣ «ማይ» ወይም የመሳሰለው ይቀመጣል። ፍተሻው ቀላል ነው። ቃሉን «ቱ» ብላችሁ በቁጥር አብዙት። «ቱ ቲቸርስ» ይባላል፣ ስለዚህ ነጠላው ባዶውን አይቆምም። «ቱ ዋተርስ» ግን እንደ ውሃ ስንናገር አይባልም፣ ስለዚህ ውሃ ያለ «ኧ» ይሄዳል።

ከዚህ ሕግ የሚያመልጡ የታወቁ አባባሎች አሉ። አንዱ ሆስፒታል ነው። ታሞ ለተኛ ሰው እንግሊዞች «ኢን ሆስፒታል»፣ አሜሪካኖች «ኢን ዘ ሆስፒታል» ይላሉ። መጽሐፉ የየትኛውን አገር እንግሊዝኛ እንደሚከተል ሳታውቁ አንዱን ስህተት አትበሉ። ታማሚ ለመጠየቅ የሄደ ሰው ከሆነ ግን ሁለቱም ወገን «ዘ» ይላል።

ምልክት፦ መልሳችሁ ልክ ይመስላችኋል፣ አስተማሪው ግን ቀነሰ

አንዲት የሰፈራችን ልጅ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ለፍት ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ ሃድ ለፍት ነው ተባልኩ» አለችኝ። ጥያቄው «አፍተር ዘ ትሬይን ____፣ ዊ ዌንት ሆም» ነበር። ባቡሩ ከሄደ በኋላ ወደ ቤት ሄድን።

ልጅቷም ልክ ናት፣ መልሱም ልክ ነው። «ሃድ ለፍት» ከሁለት ያለፉ ነገሮች የቀደመውን ይለያል። ግን «አፍተር» ራሱ ማን እንደቀደመ ተናግሯል፤ ስለዚህ «ለፍት» በቂ ነው። ቃሉን ቀይረን «ዌን ዊ አራይቭድ፣ ዘ ትሬይን ____» ብናደርገው ነገሩ ይለወጣል። «ለፍት» ካልን እኛ ስንደርስ ባቡሩ ያኔ ተነሳ። «ሃድ ለፍት» ካልን ደርሰን ባዶ ሐዲድ ነው ያገኘነው። «ባይ ዘ ታይም» ብሎ ከጀመረ ደግሞ፣ ማለትም እኛ እስክንደርስ ድረስ፣ የሚጠበቀው «ሃድ ለፍት» ነው።

ለአስተማሪዋ ምን እንደምትል አብረን አዘጋጀን፦ «ቲቸር፣ አፍተር ቅደም ተከተሉን ስላሳየ ለፍትም አይሆንም ወይ?» «መልሱ ተሳስቷል» ከማለት ይሄ ይሻላል፤ የሚያከራክረውን ቃል ይጠቁማል፣ ክብርም ይጠብቃል። ምርጫ ባለበት ፈተና ላይ ግን ከ«አፍተር» ቀጥሎ ሁለቱም ከቀረቡላችሁ «ሃድ ለፍትን» ክበቡ። ትምህርቱ ፓስት ፐርፌክት፣ ማለትም ይሄው የ«ሃድ» ቅርጽ፣ ከሆነ ጥያቄ አውጪው የፈለገው እሱን ነው።