«እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ፕሮጀክት ነው» አትበሉ

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ለአንድ የፕሮጀክት ኦፊሰር ቦታ የመጡ ማመልከቻዎችን ሳገላብጥ ዋልኩ። ከአመልካቾቹ ብዙዎቹ መምህራን ናቸው። እኔም የመጣሁት ከጠመኔው ነው፤ ደሴ ላይ 9 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ስለዚህ ብቆጣም የምቆጣው እንደ ወገን ነው።

ያው ዓረፍተ ነገር ዘንድሮም መጣ። «እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ለእኔ ፕሮጀክት ነው፤ ዕቅድ አወጣለሁ፣ እተገብራለሁ፣ እገመግማለሁ።» ቃላቱ ይለያያሉ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ጸሐፊው ብልህ አባባል ያገኘ ይመስለዋል። አንባቢው ግን እዚያው ላይ «ይህ ሰው ፕሮጀክት ምን እንደሆነ አያውቅም» ብሎ ይፈርዳል።

ፕሮጀክት መጀመሪያና ማብቂያ አለው። ሲያልቅ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ትቶ ይሄዳል። ማስተማር ግን በየዓመቱ መስከረም ላይ ተመልሶ የሚመጣ ሥራ ነው። ዓመታዊ ዕቅዳችሁ የቱንም ያህል ቢያምር መደበኛ ሥራችሁ ነው። ይህን መለየት የሙያው ሀ ሁ ነው፤ ደብዳቤያችሁ ሀ ሁ ላይ ከወደቀ ቀሪውን የሚያነብ የለም።

ታዲያ መምህር ፕሮጀክት የለውም? ሞልቶታል። ችግሩ፣ ያለው ፕሮጀክት ደብዳቤው ውስጥ አይገባም።

አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ደብዳቤዋን ይዛ ፒያሳ ቡና ጋበዘችኝ። «8 ዓመት ከ9ኛ እስከ 10ኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። የቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ አባልም ነበርኩ። ታታሪና በጫና ውስጥ መሥራት የምችል ነኝ» ይላል።

«ኮሚቴው ምን ሠራ?» አልኳት።

«ኧረ ተወው ጋሼ፣ ቀላል ነገር ነው። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ነበር። እሱን መልሰን ከፈትን።»

ቀላል ነገር! ቡናው እስኪበርድ ስጠይቃት ይህ ወጣ። ሥራው 12 ሳምንት ተመድቦለት ነበር። ገንዘቡ 84,000 ብር ነው፤ 50,000ው ከትምህርት ቤቱ፣ 34,000ው ከቀድሞ ተማሪዎች። የሚሠሩት 14 መደርደሪያዎች ሲሆኑ፣ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው መጽሐፍ 2,300 ነበር። በመሃል አናጢው እንጨት አጣሁ ብሎ 2 ሳምንት አዘገየ። እሷ ግን አልጠበቀችውም። መደርደሪያው ከገባ በኋላ ሊሠራ የታሰበውን ምዝገባ ቀድማ ጀመረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ክፍል ውስጥ ከ6 ተማሪዎች ጋር። ቤተ መጻሕፍቱ ከቀነ ገደቡ 4 ቀን ብቻ ዘግይቶ ተከፈተ።

የሥራ ቅደም ተከተሉን ቀይራ የ2 ሳምንት መዘግየትን ወደ 4 ቀን አወረደችው። እኛ ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፈለን። ደብዳቤዋ ውስጥ ግን «አባል ነበርኩ» ሆኖ ተቀብሯል። እንዲህ አድርገን ጻፍነው፦

«ከየካቲት እስከ ግንቦት 2015 የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት መልሶ የመክፈቱን ሥራ አስተባብሬያለሁ። 12 ሳምንትና 84,000 ብር ተመድቦለት ነበር። መደርደሪያው 2 ሳምንት ሲዘገይ የመጻሕፍት ምዝገባውን አስቀድሜ በማስጀመሬ ቤተ መጻሕፍቱ በ4 ቀን መዘግየት ብቻ ሥራ ጀምሯል። 84,000 ብሩ ሳይታለፍ፣ የመዝገቡን አያያዝ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ አስረክቤያለሁ።»

«መዘግየቱንስ ልጻፈው? አያሳፍርም?» አለችኝ። ጻፊው አልኳት። ሳይዘገይ ያለቀ ፕሮጀክት ብቻ ያለው ሰው ካጋጠመኝ የምጠረጥረው እሱን ነው። ማስረከቡንም እንዳትተዪ አልኳት፤ ብዙዎች ሪባን ሲቆረጥ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛው ስህተት ከአማርኛችን የመጣ ነው። «ግዥ ተፈጽሟል፣ ሥልጠና ተሰጥቷል፣ ውጤት ተመዝግቧል።» በማን? የመሥሪያ ቤት ሪፖርት አድራጊውን መደበቅ አስተምሮናል፤ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ሲጻፍም ልማዱ አይለቅም። እናንተ የሠራችሁትን «አደረግሁ» በሉ። ኮሚቴው የሠራውንም ለኮሚቴው ስጡ። መምህርቷ በመጀመሪያ «ግዥውን መርቻለሁ» ልትል ነበር። ሳጣራ ያደረገችው ከሦስት አናጢዎች ፕሮፎርማ መሰብሰብና የዋጋ ማወዳደሪያውን ማዘጋጀት ነው። የወሰነውና የፈረመው የግዥ ኮሚቴው ነው። እንደዚያው ጻፈችው። ቃለ መጠይቅ ላይ «ቼክ ላይ የፈረመው ማን ነው?» የምትል ጥያቄ አለችኝ፤ ስንቱን እንዳላበች እኔ አውቃለሁ።

ስለ ፕሮጀክት አመራር ሰርተፍኬት። «በቅርቡ ፒኤምፒ እወስዳለሁ» የሚል መስመር ከመምህር ሲመጣ ራሴን እይዛለሁ። ዲግሪ ያለው ሰው ለፒኤምፒ ፈተና ለመቀመጥ የ36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና የ35 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል። ልምዱ ኖሯችሁ ቢሆን ይህን ደብዳቤ ባልጻፋችሁ። ለጀማሪ የሚሆነው ሲኤፒኤም ነው፤ የሥራ ልምድ አይጠይቅም፣ የ23 ሰዓት ሥልጠና ይበቃዋል። እየተማራችሁ ከሆነ እሱን ስሙን ጠርታችሁ የት እንደደረሳችሁ ጻፉ። ካልጀመራችሁ ዝም በሉ።

«ምንም እንኳ በዘርፉ ልምድ ባይኖረኝም» ብላችሁ አትጀምሩ። እኔ ሳልከሳችሁ ለምን ትከላከላላችሁ?

የመምህር ደመወዝ እንደማያኖርም አትንገሩኝ፤ ኖሬበታለሁ። ለምን እንደለቀቃችሁ ሳይሆን ለምን ወደዚህ እንደመጣችሁ አንድ መስመር ይበቃል። ለመምህርቷ «ከማስተማሩ ይልቅ ቤተ መጻሕፍቱን ማደራጀቱ እንቅልፍ ነሳኝ» የሚለው በቂ ነበር።

ማስታወቂያውን ሳያነቡ የሚጽፉም አሉ። ቦታው የፕሮጀክት ኦፊሰር ሆኖ ሳለ ደብዳቤው ስለ ስትራቴጂ አመራር ይተነትናል። ኦፊሰሩ ወረዳ ወርዶ ሥራው መሠራቱን አይቶ፣ ደረሰኝ ሰብስቦ፣ ወርሃዊ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ነው። ከማስታወቂያው የሥራ ዝርዝር ሁለቱን ምረጡና ለእያንዳንዳቸው የራሳችሁን ማስረጃ አስቀምጡ። «ከባለድርሻ አካላት ጋር መሥራት» ካለ፣ ወላጆችን ለስብሰባ ስትጠሩ ስንት መጡ፣ ካልመጡት ጋርስ ምን አደረጋችሁ? ከአንድ ገጽ ግን አትለፉ።

የመጨረሻዋ የእኔ ናት። የመጀመሪያ ደብዳቤዬን በእጄ ለማስገባት ከደሴ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ኤንቨሎፑን በፌስታል ጠቅልዬ። ጸሐፊዋ ተቀብላ ማኅተም መታችልኝ። ስመለስ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ፣ ደስ ብሎኝ፣ ቀሪ ኮፒውን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። «ለድርጅታችሁ ካለኝ ትልቅ አክብሮት የተነሳ» ይላል። ከሥሩ የተጻፈው የድርጅት ስም ከሳምንት በፊት ያመለከትኩበት የሌላው ነው። ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቀኝ ሁለቴ ነው የከፈልኩት። አልጠሩኝም።