ቃለ መጠይቅን፣ ትረካንና የቆየ ሰነድን በአንድ ዘጋቢ ፊልም ስክሪፕት እንዴት ማዋሐድ ይቻላል?

በ1960 ዓ.ም. ስለተነሣው የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ሰው የሚቸገረው በማስረጃ ማጣት ብቻ ሳይሆን በማስረጃ መብዛትም ነው። የሞጣ፣ የቢቸናና የደጋ ዳሞት አዛውንቶች የሚናገሩት ብዙ ነው፤ ለአመፁ መነሻ የሆነው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟል፤ በየቤቱ ሣጥን ውስጥም የግብር ደረሰኝና ፎቶግራፍ ይገኛል። ይህ ሁሉ በአንድ ስክሪፕት ውስጥ ሲከማች ተመልካቹ ብዙ ነገር ይሰማል፣ ነገር ግን ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ መልስ ያጣል። ከዚህ በታች የማሳየው አሠራር በዚህ አንድ ርዕሰ ጉዳይ ላይ የተመሠረተ ነው። የምጠቅሳቸው የአዛውንቶች ንግግሮች ግን ለማስረጃነት ሳይሆን ለልምምድ ያዘጋጀኋቸው ናቸው።

መጀመሪያ አንድ መሪ ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ገበሬው ለምን አመፀ?» የሚለው በጣም ሰፊ ስለሆነ የትኛውም ንግግርና የትኛውም ሰነድ ይገባበታል፤ ማንንም የማያስቀር ጥያቄ ደግሞ ለመምረጥ አይረዳም። «ገበሬው የፈራው የሚከፍለውን ብር ነበር ወይስ የርስቱን መለካት?» የሚለው ግን ይመርጣል። ስለ ጎጃም ገዥ ጠባይ የተነገረ ግሩም ወግ እንኳ ይህን ጥያቄ ወደ አንዱ ወገን ካላስጠጋ በፊልሙ ውስጥ ቦታ የለውም። ጥያቄው ድር ነው፣ የተቀረው ማግ ነው።

ቀጥሎ ቃለ መጠይቆቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ ጽሑፍ ይገልብጡ። በእያንዳንዱ ንግግር አጠገብ በቀረጻው ላይ የሚገኝበትን ደቂቃና ሰከንድ፣ የመሪውን ጥያቄ የትኛውን ወገን እንደሚነካ፣ በተለይም ተናጋሪው ነገሩን በምን እንዳወቁት ይመዝግቡ፦ አይተው ነው፣ ሰምተው ነው ወይስ ገምተው? ይህን ሦስተኛውን መዝገብ ብዙዎች ይዘሉታል። እኔ ግን ከሁሉ አስፈላጊው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱ ያለው በቋንቋችን አሠራር ውስጥ ነው።

አማርኛ ፍርዱን የሚያስቀምጠው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። አንድ አዛውንት «የተነሣነው ግብሩን ፈርተን አይደለም» ቢሉና ኤዲተሩ ጊዜ ለመቆጠብ ወይም መኪና ስላለፈ የመጨረሻውን ቃል ቢቆርጠው፣ «የተነሣነው ግብሩን ፈርተን» የሚል ሙሉ የሚመስል ንግግር ይቀራል። እሳቸው የካዱትን ራሳቸው እንደመሰከሩት ሆነ ማለት ነው። ሌላዋ ትንሽ ቃል «አሉ» ናት። «አውሮፕላን መጥቶ ቦምብ ጣለ አሉ» ያለ ሰው የሰማውን እያወራ ነው፤ «አሉ» ስትቆረጥ ግን የዓይን ምስክር ይሆናል። መንግሥት አመፁን ለማፈን የአየር ኃይል መጠቀሙ በታሪክ የታወቀ ነው። ይህ ግን ያላዩትን ሰው እንዳዩ አድርጎ ለማቅረብ ፈቃድ አይሰጥም። ስለዚህ ንግግር ሲያሳጥሩ ከፊት ወይም ከመካከል ሙሉ ሐሳብ ያውጡ እንጂ ማሰሪያ አንቀጹን አይንኩ። ከመካከል ሲያወጡም የቀረው ክፍል የሚናገረው ያው የመጀመሪያውን ነገር መሆኑን ሙሉውን ቀረጻ ደግመው በመስማት ያረጋግጡ።

ሦስተኛው ሥራ ለእያንዳንዱ ቁስ ድርሻ መስጠት ነው። ምስክሩ ምን እንዳየና በጊዜው ምን እንዳሰበ ይናገራል። ሰነዱ በዚያን ጊዜ ምን እንደተጻፈ ያሳያል። ተራኪው ደግሞ ሁለቱም ሊሉት የማይችሉትን ብቻ ይላል፦ የጊዜን ቅደም ተከተል፣ የዛሬ ወጣት የማያውቀውን የቃል ትርጉም፣ ወይም በሁለት ማስረጃዎች መካከል ያለውን ልዩነት። አንድ ትዕይንት እንዲህ ሊዋቀር ይችላል፦

ተራኪ፦ በ1960 ዓ.ም. መንግሥት ከእርሻ በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር ጣለ። ግብሩን ለመወሰን የገበሬውን ምርት መገመት ያስፈልግ ነበር።

ምስል፦ የአዋጁ የመጀመሪያ ገጽ፣ ከዚያም ስለ ግምት የሚናገረው አንቀጽ። ተራኪው ለአምስት ሰከንድ ዝም ይላል።

አዛውንት፦ «ምርት እንገምታለን አሉን። እኛ ግን ዛሬ ምርቱን የገመተ ነገ መሬቱን ይለካል አልን።»

ተራኪ፦ በርስት ሥርዓት የመሬት መብት የሚገኘው ከአባት ከእናት በሚወረድ ዘር ነበር። መሬቱ ተለክቶ በመዝገብ ከሰፈረ ይህ መብት ምን እንደሚሆን ገበሬው እርግጠኛ አልነበረም።

የመጀመሪያው ትረካ «መገመት» በሚለው ጉዳይ ስላበቃ ሰነዱም አዛውንቱም ነገሩን ከዚያው ተቀብለውታል። ተራኪው «ገበሬዎቹ መሬታቸው እንዳይለካ ፈሩ» ብሎ አስቀድሞ ቢናገር ኖሮ የአዛውንቱ ንግግር ድግግሞሽ ይሆን ነበር። አንድን ነገር ምስክሩ ሊሉት ከቻሉ ተራኪው ዝም ይበል። የርስት ትርጉም የመጣው ከንግግሩ በኋላ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ተመልካቹ ፍርሃቱን ከሰማ በኋላ ምክንያቱን ለመስማት ይጓጓል፣ ከፊት ቢቀመጥ ግን የትምህርት ቤት ማስታወሻ ይመስላል።

በዚህ ትዕይንት ውስጥ ሰነዱና ምስክሩ የተለያየ ነገር ይናገራሉ። አዋጁ የሚያወራው ስለ ገቢ ነው፣ አዛውንቱ የሚያወሩት ስለ መሬት። እዚህ ላይ ጸሐፊው ተራኪውን ዳኛ አድርጎ «ገበሬዎቹ አዋጁን ሳይረዱት ቀሩ» ሊያሰኘው ይፈተናል። ይህን ማድረግ ስሕተት ነው፤ መሪውን ጥያቄ ገና በመጀመሪያው ሩብ ይዘጋዋል፣ በዚያ ላይ የመሬት ግብር ጉዳይ በጎጃም ከዚያም በፊት፣ በ1930ዎቹ ጭምር፣ ተቃውሞ አስነሥቶ እንደነበር ይረሳል። ልዩነቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማለፍ ይሻላል። መንግሥት በኋላ ገዥውን ማንሣቱና ውዝፉን ግብር መሰረዙ ሲተረክ፣ ተመልካቹ የተሰረዘው ብሩ ብቻ መሆኑን አይቶ ወደ ጥያቄው በራሱ ይመለሳል።

የቆየ ምስልና ሰነድ ሲያስገቡ ሁለት ነገሮች ያሳስታሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። አዛውንቱ «በስልሳ ዓመተ ምሕረት» ይላሉ፣ በውጭ አገር ሰነድ ላይ ያው ዓመት 1967 ወይም 1968 ተብሎ ይጻፋል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነውና። ስክሪፕቱን ሲጀምሩ ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር ይመልሱ። ሁለተኛው የሌላ ቦታ ወይም የሌላ ዓመት ምስልን በትረካ ሥር ማሳለፍ ነው። ስለ ሞጣ እየተተረከ በሌላ አውራጃ የተነሣ ፎቶግራፍ ቢታይ ተመልካቹ ሞጣ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ቦታውንና ዓመቱን በምስሉ ላይ ይጻፉ፤ ካልታወቀ ደግሞ ፎቶግራፉን ትተው አዛውንቱ ሲናገሩ ፊታቸውን ያሳዩ። ቀረርቶ ሲጠቀሙም ያው ነው፦ ስለ አመፁ የሚያዜም ድምፅ የተቀረጸው ከአመፁ ከብዙ ዓመት በኋላ ከሆነ ተራኪው ይህን ይናገር።

ረቂቁ ሲያልቅ ሦስት ጊዜ ያንብቡት። መጀመሪያ ትረካውን ብቻ ያንብቡ፤ ያለ ምስክሮቹ ሙሉ ታሪክ ሆኖ ከተነበበ ተራኪው የሌሎችን ድርሻ ወስዷልና ይቀንሱለት። ከዚያ ንግግሮቹን ብቻ ያንብቡ፤ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ካሉ በዓይኑ ያየውን ይዘው የሌላውን ይተዉ። በመጨረሻ ሰዓት ይዘው ጮክ ብለው ሁሉንም ያንብቡ፣ ሰነድ በሚታይበት ቦታም ተመልካች ሊያነብበው የሚችለውን ያህል ዝም ይበሉ። በየትዕይንቱ ዳርቻ ላይ «ብር» ወይም «መሬት» ብለው ምልክት ያድርጉ፤ ከሁለቱ አንዱንም ሊጽፉበት የማይችሉት ትዕይንት ካለ ከፊልሙ የሚወጣው እሱ ነው።