ገንዘብና ጉልበት ሲሻረኩ፦ ሸሪክ አመራረጥና ቀድሞ የሚጻፈው ውል

ብዙ ሽርክና የሚጀመረው እንዲህ ነው። አንዱ ገንዘብ አለው፣ ጊዜ የለውም። ሌላው ሙያውንና ሙሉ ጊዜውን ይዞ ይመጣል፣ ገንዘብ ግን የለውም። "እኩል እንካፈላለን" ይባባሉና ሥራ ይገባሉ። በጣም የሚያሰጋኝ ይሄኛው ስለሆነ እሱን ደረጃ በደረጃ እንየው።

1. ሰውየውን ማወቅ

ጓደኝነት ብቻውን አይበቃም። ዕዳ አለበት ወይ? ከሥራው በየወሩ ስንት ማውጣት ያስፈልገዋል? ትርፍ ሲመጣ መካፈል ነው የሚፈልገው ወይስ ሥራው ላይ መመለስ? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የቤት ኪራዩን ከትርፉ የሚጠብቅ ሰውና በትርፉ ዕቃ መጨመር የሚፈልግ ሰው፣ ሁለቱም ጨዋ ሆነው ሊጣሉ ይችላሉ።

ከዚህ በፊት አብሮት ሠርቶ የተለየ ሰው ካለ አግኙት። "ጥሩ ሰው ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁሌም "አዎ" ነው። "ሒሳባችሁን እንዴት ዘጋችሁ?" በሉት። ከዚያ አንድ ትንሽ ሥራ አብራችሁ ሞክሩ፤ ደረሰኝ ሳይጠየቅ የሚያመጣ ሰው መሆኑን ታዩበታላችሁ።

2. መዋጮው ምን እንደሆነ መጻፍ

ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ነው። ባለገንዘቡ 600 ሺህ አወጣ፣ ባለሙያው ጉልበቱን፤ ድርሻው 50 በ50 ተባለ። ሥራው አልሄደም። ሲዘጋ ዕዳው ሁሉ ተከፍሎ 300 ሺህ ቀረ። ውሉ "እኩል" ብቻ የሚል ከሆነና እንደዚያው ከተካፈሉ እያንዳንዳቸው 150 ሺህ ይወስዳሉ። ባለገንዘቡ 450 ሺህ ከሰረ፤ ምንም ገንዘብ ያላስገባው ደግሞ 150 ሺህ ይዞ ወጣ።

መፍትሔው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ሥራው ሲዘጋ ወይም ሲሸጥ፣ ከዕዳ ቀጥሎ የገባው ገንዘብ ለአስገቢው ይመለሳል፤ የተረፈው በድርሻ ይከፈላል።" በዚህ ስሌት 300 ሺውን ባለገንዘቡ ይወስዳል።

ባለሙያውም ባዶ እጁን እንዳይቀር ሙሉ ጊዜውን ለሚሠራበት ደመወዝ ይቆረጥለት። ትንሽም ቢሆን ከትርፍ ድርሻው ተለይቶ ይጻፍ። ደመወዝ የድካም ዋጋ ነው፣ ትርፍ የባለቤትነት። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ትርፍ በሌለበት ወር ጭቅጭቅ ይነሳል።

3. ድርሻው በሥራ የሚገኝ ይሁን

ባለሙያው በስምንተኛው ወር የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ቢሄድስ? ግማሹ ሥራ የእሱ እንደሆነ ይቀራል። ሌላው እየለፋ፣ እሱ ከሩቅ ይካፈላል።

ስለዚህ ድርሻው በጊዜ ይገኝ። የተለመደው አሠራር አራት ዓመት ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጨርስ በራሱ ፈቃድ የሄደ ምንም አያገኝም፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ይጨመርለታል። በ18ኛው ወር ቢወጣ ከ48 ወር 18ቱን ሠርቷል። ይህ የ50 በመቶ ድርሻው 37.5 በመቶ ነው፤ ከጠቅላላው ሥራ 18.75 በመቶ ይደርሰዋል። ያለ ጥፋቱ ከተባረረ ግን ዓመት ባይሞላውም የሠራበትን ያህል ይሰጠው፤ አለበለዚያ በ11ኛው ወር ላይ እሱን ማባረር ለሌላው ያዋጣል።

4. የመውጫ ዋጋ

"በስምምነት ይተመናል" የሚል ውል አትፈርሙ። የተጣሉ ሰዎች በዋጋ አይስማሙም። ማን እንደሚተምን (ሁለቱም የሚቀበሉት ገለልተኛ የሒሳብ ባለሙያ)፣ በየትኛው ወር ሒሳብ፣ በስንት ጊዜ እንደሚከፈል ይጻፍ። በአንዴ ክፈል ከተባለ ሥራው ራሱ ሊታነቅ ስለሚችል የ24 ወር ክፍያ ይሻላል። አንዱ ዋጋ ይጥራ፣ ሌላው "ልግዛ" ወይም "ልሽጥ" ይበል የሚለው ዘዴ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን እጁ ላይ ገንዘብ ላለው ያደላል። በእኛ ምሳሌ ተጎጂው ባለሙያው ነው። አንዱ ቢሞትም ወራሾቹ በዚሁ አተማመን ይከፈላቸው።

5. ዕዳና ፊርማ

በብዙ አገሮች ሕግ ተራ ሽርክና ውስጥ አንዱ ሸሪክ በሥራው ስም የተበደረውን ሌላው ከግል ንብረቱ ሊከፍል ይገደዳል። ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ማቋቋም ይሻል እንደሆነ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ከተወሰነ መጠን በላይ ብድርም ሆነ ወጪ የሁለቱን ፊርማ ይጠይቅ። እኩል ሆናችሁ ካልተስማማችሁ ማን እንደሚዳኝ ስሙን አሁኑኑ ጻፉ።

ከፈረማችሁ በኋላ ገንዘቡ በማንም የግል ሒሳብ አይለፍ። በሥራው ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ይግባ፤ ማስገቢያው ላይም "መዋጮ" ወይም "ብድር" ተብሎ ውሉ እንደሚለው ይጻፍ።