ከዳሌ ስብራት ቀዶ ጥገና በኋላ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ስህተቶች

እኚህ እናት 76 ዓመታቸው ነው። ሌሊት ለሽንት ተነሥተው ምንጣፍ አደናቀፋቸውና በግራ ጎናቸው ወደቁ። የጭን አጥንታቸው አንገት ተሰበረ፤ ዳሌ ውስጥ ከሚገባው ክብ ራስ በታች ያለው ቀጭኑ ክፍል ማለት ነው። ሐኪሞቹ የተሰበረውን ራስ አውጥተው በሰው ሠራሽ ተኩት። ቀዶ ጥገናው ጥሩ ነበር። «በእግራቸው ሙሉ ክብደታቸውን መጣል ይችላሉ» ተብለው በስድስተኛው ቀን ቤታቸው ገቡ።

እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ቤታቸው የሄድኩት በ19ኛው ቀን ነው። አልጋ ላይ ተጋድመዋል። ከጉልበታቸው ሥር ወፍራም ትራስ ተደርጓል። ልጃቸው በቀን ሦስት ጊዜ እግራቸውን ይዛ ሠላሳ ሠላሳ ጊዜ ታነሣለች፣ ታወርዳለች። «ስፖርቱን አንድም ቀን አላቋረጥንም» አለችኝ። «እማማ፣ እስቲ ይነሡልኝ» ስላቸው ግን ለሁለት ደግፈናቸውም ከአልጋው መላቀቅ አቃታቸው።

ያ ቤት እንክብካቤ አልጎደለውም። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስህተቶች ሁሉ እናቱን ከልቡ በሚወድ ቤት ውስጥ ያየኋቸው ናቸው።

ስፖርቱን ለእሳቸው መሥራት

ጡንቻ የሚጠነክረው ራሱ ሲሠራ ብቻ ነው። ልጅቷ እግሩን ስታነሣ የሚጠነክረው የእሷ ክንድ ነው። የእናትየው ጭን ተኝቶ ይውላል። አረጋዊ ሰው አልጋ ላይ ሲውል ደግሞ ጡንቻው በፍጥነት ይሟሽሻል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ስለዚህ እንቅስቃሴው ትንሽ ቢሆንም ራሳቸው ይሥሩት። የመጀመሪያዎቹ ቀላል ናቸው። የእግር ጣትን ወደ ራስ መሳብና ወደ ታች መግፋት፣ ነቅተው ባሉበት ሰዓት ሁሉ አሥር አሥር ጊዜ። ጉልበትን ወደ ፍራሹ ተጭኖ እስከ አምስት መቁጠር። መቀመጫን ጨብጦ መልቀቅ። ከዚያ ተረከዝን አልጋው ላይ እያንሸራተቱ ጉልበትን ማጠፍ። ይሄ አንሶላው እየያዘ ያስቸግራል፤ ከተረከዛቸው ሥር ፌስታል አድርጉበት። እግሩን ከመያዝ የተሻለ እርዳታ ነው።

ከአልጋ ስፖርት ሳይወጡ መቅረት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ተኝቶ የሚሠራ ስፖርት ደም ያንቀሳቅሳል፣ ጡንቻ ይቀሰቅሳል፤ ሰውን ግን አያቆምም። ሽንት ቤት ብቻውን የሚሄድ ሰው ከወንበር መነሣት መቻል አለበት። ከወንበር መነሣትን የሚያለማምደው ደግሞ ራሱ ከወንበር መነሣት ነው።

ከእማማ ጋር የጀመርነው ከምግብ ጠረጴዛ ወንበር ነው። ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ የማይንሸራተት፣ ጀርባው ግድግዳ የተደገፈ። በላዩ ሦስት የታጠፈ ብርድ ልብስ ደረብንበት። ወንበሩ ከፍ ባለ ቁጥር መነሣቱ ይቀላል፤ ዳሌም ከመጠን በላይ አይታጠፍም። ወደ ወንበሩ ጫፍ ጠጋ ይላሉ። ቀዶ ጥገና የተሠራውን እግር ትንሽ ወደ ፊት ያስቀድማሉ። በሁለት እጃቸው ማሳረፊያውን ተጭነው ይነሣሉ፣ እስከ ሦስት ቆጥረው ቀስ ብለው ይቀመጣሉ። ዱብ ብሎ መቀመጥ የለም። ቀስ ብሎ መውረዱ ራሱ ጡንቻ ይሠራል።

የመጀመሪያው ቀን ላይ አራት ጊዜ ብቻ ቻሉ። ጠዋት፣ ቀትር እና ማታ አምስት አምስት እናድርገው ተባባልን። በአንድ ጊዜ አሥር ሲሞላላቸውና ሲጨርሱም ማውራት ሲችሉ አንዱን ብርድ ልብስ አወጣን። እንዲህ እያልን በሰባተኛው ሳምንት ብርድ ልብሶቹ አለቁ። ከዚያ ቀጥሎ እጃቸውን መጠቀም ቀነስን። ወንበሩን ግን ዳሌያቸው ከጉልበታቸው በታች እስኪወርድ ድረስ አላሳነስነውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተኙበት በቀጥታ አታስነሷቸው። የአልጋው ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ። ብዙ አረጋውያን የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ በድንገት ሲቆሙ ግፊቱ ወርዶ ያዞራቸዋል። ሁለተኛው ውድቀት እንዲህ ባለችው ደቂቃ ሊመጣ ይችላል።

ከጉልበት ሥር የሚከርም ትራስ

ሲደረግ ይመቻል፤ ለዚህ ነው ማንም የማያወጣው። ግን ዳሌና ጉልበት ታጥፈው ከርመው አልዘረጋ ይላሉ። ሲቆሙ ያጎነብሳሉ፣ እርምጃቸው ያጥራል። ትራሱን አውጡት፤ እግሩ ተዘርግቶ ይረፍ። በጎን ሲተኙ ግን በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ትራስ ያስፈልጋል፤ እግሮቹ እንዳይጠላለፉ።

ዱካ፣ ስግደት እና የተጠላለፈ እግር

ይሄኛውን በደንብ አንብቡት። የዳሌያቸው ራስ በሰው ሠራሽ የተተካላቸው ሰዎች፣ በተለይ ከኋላ በኩል ተከፍቶ ከሆነ፣ መገጣጠሚያው ከቦታው ሊወልቅ ይችላል። አደገኛ የሚባሉት ሦስት ናቸው፦ ዳሌን ከወንበር ቅርጽ አልፎ ማጠፍ፣ እግርን በእግር ላይ ማጣመር፣ የተሠራውን እግር ጣት ወደ ውስጥ ማዞር። አብዛኛውን ጊዜ ክልከላው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ልኩን የሚናገረው ያከማቸው ሐኪም ነው። አጥንታቸው በብረት ታስሮ የተጠገነላቸው ሰዎች ይህ ሕግ ላይመለከታቸው ይችላል። ስለዚህ «ተቀይሮላቸው ነው ወይስ በብረት ተይዞ? የተከለከለ እንቅስቃሴ አለ?» ብላችሁ ከሆስፒታል ሳትወጡ ጠይቁ።

ችግሩ ቤታችን በእነዚህ እንቅስቃሴዎች የተሞላ መሆኑ ነው። ቡና የሚፈላው ዱካ ላይ ተቀምጠን ነው። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ሊሆን ይችላል። የወደቀ መቁጠሪያ ለማንሣት ጎንበስ ይባላል። እማማን በጣም ያስጨነቃቸው ስግደቱ ነበር። የንስሐ አባታቸው ቤት መጥተው «ቆመሽ፣ ካልሆነም ተቀምጠሽ ጸልዪ» ሲሏቸው ነው ልባቸው ያረፈው። ሶላት የሚሰግዱ እናቶችም ወንበር ላይ ሆነው መስገድ ይፈቀድላቸዋል። ለሽንት ቤቱ ደግሞ መሐሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር በላዩ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ብቻ አረጋግጡ።

መገጣጠሚያው ከወለቀ ምልክቱ ግልጽ ነው። ድንገተኛ ከባድ ሕመም ይመጣል፣ እግሩ አጥሮና ዞሮ ይታያል፣ መቆም አይቻልም። ሳትጎትቱ፣ ሳታስተካክሉ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ሕመምን በግምት መያዝ

አንዱ ቤት «አመመኝ» ባሉ ቁጥር ስፖርቱ ይቆማል። ሌላው ቤት «ቻል አድርጊው» ይባላል። ሁለቱም አይጠቅሙም። ሐኪሙ ያዘዘው ማስታገሻ ካለ ከስፖርቱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀደም ብለው ይውሰዱ። ሲሠሩ መጠነኛ ሕመም መሰማቱ ችግር የለውም። ዋናው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ በረደ? ጠዋት ሲነሡ ከትናንቱ ብሷል? ከባሰ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱ፤ አታቋርጡ። እማማ በአምስተኛው ሳምንት እንግዳ መጥቶ ብዙ ቆመው ዋሉና በማግስቱ ብሽሽታቸውን አመማቸው። ለሁለት ቀን ከአሥር ወደ አምስት ወረድን፣ በሦስተኛው ቀን ተመለስን።

ቀን በቀን እየጨመረ የሚሄድ የብሽሽት ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ግን ሐኪም የሚያየው ነው።

ወጌሻ መጥራትና ባት ማሸት

«እግሯ አብጧል፣ ይታሽላት» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ወጌሻን ማጣጣል አይደለም ሐሳቤ። ግን ከዳሌ ቀዶ ጥገና በኋላ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ሲታሽ ተነቅሎ ሳንባ ላይ ሊሄድ ይችላል፤ ያ ይገድላል። የቀዶ ጥገናው እግር ትንሽ ማበጡ ያለ ነገር ነው፤ ከፍ አድርጎ ሲያሳርፉት ይቀንሳል። ባት ላይ አዲስ ሕመም ወይም ሙቀት ካለ፣ ወይም እብጠቱ ካልወረደ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ከተጨመረበት አንድ ሰዓት እንኳ አትጠብቁ። ደም ማቅጠኛ ከታዘዘ እስከ መጨረሻው ቀን ይወሰድ።

ከዘራውን በተሠራው እግር በኩል መያዝ

ባለ አራት እግር መደገፊያ ከሆነው ዎከር ወደ ከዘራ ሲሻገሩ ሁሉም ማለት ይቻላል ይሳሳታል። ያመመን ጎን መደገፍ ትክክል ይመስላል። ግን ዳሌን በጎን ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ስለደከመ፣ በተሠራው እግር ሲቆሙ ሰውነታቸው ወደ ጎን ይዘነበላል። ያንን የሚቀንሰው በተቃራኒው እጅ የተያዘ ከዘራ ነው። እማማ የተሠሩት ግራ እግራቸውን ነው፤ ከዘራው በቀኝ እጅ፣ ከግራ እግር ጋር አብሮ ይወጣል። ቁመቱም ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ሲለቁ የእጅ አንጓቸው ጋ ይድረስ። በደረጃ ሲወጡ ደኅናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የተሠራው።

ያንን የጎን ጡንቻ ለማጠንከር የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ይዘው ቆመው እግርን ወደ ጎን ማንሣት ነው፤ አሥር ጊዜ፣ የእግር ጣት ወደ ፊት እያየ። ሰውነት ወደ ሌላው ጎን ከተዘነበለ ሌላ ጡንቻ እየሠራ ነው፤ ትንሽ ብቻ ያንሡ። ሐኪሙ በጎን በኩል ከፍቶ ከነበረ ይህን ለጥቂት ሳምንታት ሊከለክል ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሕመሙ ሲጠፋ ማቆም

በአሥረኛው ሳምንት እማማ በከዘራ ደጁ ድረስ ደረሱ። ልጃቸው «እንግዲህ ዳኑ፣ ይብቃ?» አለችኝ። ሕመሙ ጠፍቷል እንጂ ጉልበቱና ሚዛኑ ገና አልተመለሰም። ሁለቱ እስኪመለሱ ወራት ይፈጃሉ፤ እስከ ዓመት የሚሻሻሉ አሉ። መደርደሪያውን በጣት ብቻ ነክተው አንድ እግርን ከሌላው ፊት አስቀድመው መቆምን ጨመርንላቸው፤ አሥር አሥር ሰከንድ፣ አጠገባቸው ሰው ቆሞ። ምንጣፉ ተነሣ፣ ለሌሊት መብራት ተደረገ። አጥንታቸው በቀላል ውድቀት ስለተሰበረም ለአጥንት መሳሳት እንዲታከሙ ወደ ሐኪም ላክኋቸው።

ባለፈው ሳምንት ስሄድ ስድስተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ልጃቸው ቡና ትቆላለች። እሳቸው ከፍ ባለው ወንበር ላይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ። «ስምንት» አሉኝ ገና በሩን ሳልዘጋ።