ሲደረደር ሱቅ፣ ሲኖሩበት መጋዘን የሚመስል ሳሎን፦ ችግሩና መፍትሄው

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው የወንድሜ ቤት ሳሎን አንድ ባለመስታወት ጠረጴዛና አምስት ደርብ ያለው ክፍት መደርደሪያ አለው። መደርደሪያውን የሠራሁት እኔው ነኝ፤ እንጨት ሥራ እንጀራዬ ነው። የወንድሜ ሚስት ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ስታስተካክል ትውላለች፣ ማታ ሁሉም ነገር ተመልሶ ይዘበራረቃል። አንድ ቀን «አቦ፣ መደርደሪያህ ነው እንዴ የማይረባው?» አለችኝና ላዩ ያለውን ዕቃ አብረን አወረድነው። ያገኘነው ችግር በብዙ ደንበኞቼ ቤትም ያየሁት ነው።

ምልክት፦ ጠረጴዛው ጠዋት ጥሩ ነው፣ ማታ ዝብርቅርቅ ይላል

ብዙ ሰው ጥፋቱን በልጆች ወይም በባል ላይ ይጥላል። ምክንያቱን ለማግኘት ግን ሳታስተካክሉ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁጠሩ። በወንድሜ ቤት ሁለት ሪሞት፣ የስልክ ቻርጀር፣ የባጃጅ ቁልፍ፣ የውሃ ጆክ ከብርጭቆ ጋር፣ የልጅቷ ደብተርና የኦቾሎኒ ሳህን ነበሩ። መሀሉን ይዞ የተቀመጠው ደግሞ ዳንቴል፣ የፕላስቲክ አበባና ሦስት የመስታወት ዝይዎች ነው። በየቀኑ የሚያገለግለው ዕቃ ቦታ የለውም፣ የማያገለግለው ግን ቦታ አለው። ስለዚህ ሪሞቱ ዝይዎቹ መካከል ይወሸቃል፣ ቁልፉም ዳንቴሉ ላይ ይጣላል።

መፍትሄው አንድ ትሪ ነው። የወንድሜ ጠረጴዛ 110 በ60 ሴንቲሜትር ስለሆነ 40 በ30 የሚሆን የእንጨት ትሪ ሠራሁለት፤ ከጠረጴዛው ሩብ እንኳ አይሞላም። ጠርዙን 4 ሴንቲሜትር ከፍ ያደረግሁት ትሪው ሲነሳ ላዩ ያለው እንዳይንሸራተት ብዬ ነው። ውስጡ ክዳን ያለው ሙዳይ ተቀመጠ፤ ሪሞትና ቁልፍ እዚያ ይገባሉ። ከጎኑ አንድ ትንሽ ተክል አለ፣ ሌላ የለም። የቀረው ጠረጴዛ ባዶ ይሁን፤ ጆኩም የኦቾሎኒ ሳህኑም ሲመጡ የሚያርፉት እዚያ ነው። ቻርጀሩ ሶኬት አጠገብ ወዳለው ደርብ፣ ደብተሩም ታችኛው ደርብ ላይ ወዳለ ቅርጫት ሄዱ።

ድሬ ላይ ትሪውን አስፈላጊ የሚያደርግ ሌላም ነገር አለ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲከብድ መሬት ላይ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ይገፋል። አሥር ጌጥ አንድ በአንድ የሚያነሳ የለም፤ ወይ ይሰበራል፣ ወይ ሶፋ ላይ ተጥሎ ይቀራል። ትሪው ግን በአንድ እጅ ይነሳል። ሲሞላ ደግሞ ሁለተኛ ትሪ አትግዙ፤ ውስጡ የማይገባው ነገር ምን እንደሆነ ፈልጋችሁ አውጡ።

ምልክት፦ መደርደሪያው ንጹህ ነው፣ ግን ዕቃ መሸጫ ይመስላል

ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ ለማየት ይከብዳል፣ ምክንያቱም ምንም የተበላሸ ነገር የለም። በወንድሜ መደርደሪያ እያንዳንዱ ደርብ ላይ በእኩል ርቀት አራት አራት ዕቃ ቆሟል፤ ሁሉም ወደ ፊት ያያል፣ ቁመታቸውም ይቀራረባል። የምረቃ ፎቶው ልክ መሀል ላይ ነው። ሱቅ እንዲህ የሚደረድረው ገዢው ሁሉንም በአንዴ እንዲያይ ነው። ቤት ውስጥ ግን ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

ሁሉንም አውርደን ምንጣፍ ላይ ዘረጋነው። በየቀኑ የሚነሳው፣ አልፎ አልፎ የሚነሳው፣ ስለምንወደው ብቻ ያለው፣ ለምን እንዳለ የማናውቀው ብለን ለየነው። የመጨረሻው ክምር ከሁሉም ትልቁ ሆነና ተሳሳቅን። በየቀኑ የሚነሳው ከወገብ እስከ ትከሻ ባለው ከፍታ ተመለሰ፤ ሲኒዎቹና ጀበናው እዚያ ናቸው። ሲኒ ወጥቶ ክፍተት ቢተው አያስቀይምም፤ ወጥቶ የሚመለስ ዕቃ ነው ሰው እንደሚኖርበት የሚናገረው።

ከዚያ በየቦታው ሦስት ሦስት ዕቃ አጠጋጋን፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ አጭር። በደርቦቹ መካከል ያለው ክፍተት 35 ሴንቲሜትር ስለሆነ ረጅሙ 25 አካባቢ ቢሆን ይበቃል፤ ጣራውን ሲነካ የታፈነ ይመስላል። በአንዱ ስብስብና በሌላው መካከል አንድ ስንዝር ባዶ ቦታ ይቅር። መጻሕፍቱ ግማሾቹ ቆሙ፣ ሦስቱ ተጋደሙና ላያቸው ላይ የአያታችን የጠጅ ብርሌ ተቀመጠ። ፎቶው ከመሀል ወደ ጎን ተገፋ። ከአምስቱ ደርቦች አንዱ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ስትሉ አንዱን ዕቃ አንስታችሁ ተመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው ያለ እሱ ነው።

እዚህ ላይ «የሐረሪ ቤት ግድግዳ ጢም ብሎ የሚያምረውስ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ሐረር ጁገል ውስጥ «ጌይ ጋር» የሚባለው የሐረሪ ባህላዊ ቤት ግድግዳው በስፌትና በሳህን የተሞላ ነው፣ ግን የተዝረከረከ አይመስልም። ልብ ብላችሁ ብታዩ ሳህን ከሳህን፣ ስፌት ከስፌት ጋር በረድፍ ነው የተሰቀለው፣ ቀለሙም ይደጋገማል። እኛ የምንሳሳተው አምስት ስፌት በአምስት ደርብ ላይ ስንበትን ነው። አንድ ላይ ግድግዳ ላይ ስትሰቅሏቸው ዓይን እንደ አንድ ነገር ያያቸዋል።

ምልክት፦ ትናንት ተጸድቶ ዛሬ ቆሻሻ ይመስላል

ይህ የድሬ አቧራ ነው፣ መድኃኒት የለውም። ሊቀንስ የሚችለው ለማጽዳት የምታነሱት ዕቃ ብዛት ነው። ጥቁር መስታወት አቧራውን ከሁሉም በላይ ያሳያል፤ አዲስ ለምትገዙ የእንጨት ቀለም ይሻላል። ትናንሽ ጌጦችን ትሪ ላይ ካሰባሰባችሁ አሥር ጊዜ ማንሳት አንድ ይሆናል። የፕላስቲክ አበባን መጥረግ ከንቱ ነው፣ በሳሙና ውሃ ነከር አድርጋችሁ አድርቁት። ስፌትን ግን ውሃ አታስነኩ፤ ቀለሙ ሊለቅ ስለሚችል በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፉት፣ ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው መስኮትም አርቁት። ቬንትሌተር ካለ ደረሰኝና ወረቀት ሙዳዩ ውስጥ ይግባ።

ምልክት፦ ሁሉን አድርጌ አሁንም አንድ ነገር ይቆረቁረኛል

በስልክ ፎቶ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ቀለሙ ሲጠፋ ክብደቱ የት እንዳለ ይታያል፤ ጥቁርና ከባዱ ሁሉ ላይኛው ደርብ ላይ ከሆነ ወደ ታች አውርዱት። ብዙ ጊዜ የሚቆረቁረው ደግሞ ከመደርደሪያው ጀርባ የተንጠለጠለ የቴሌቪዥን ገመድ ነው።

ዕቃው ራሱ ከቦታው በላይ ከሆነ ግን ምንም ዓይነት አደራደር አያድነውም። አሁን መደርደሪያ ለሚያዘኝ ሰው ታችኞቹን ሁለት ደርቦች በር እንዲያስገጥምላቸው እመክራለሁ። ለወንድሜ በሩን አልገጠምኩለትም ነበርና ክዳን ያላቸው ሁለት ቅርጫቶች በሩን ተኩልን።

ባለፈው ሳምንት ቡና ልጠጣ ስሄድ ትሪው ቦታው ላይ ነበር። አንዷ የመስታወት ዝይ ግን ተመልሳ የሙዳዩ ክዳን ላይ ጉብ ብላለች፤ ሪሞት በተፈለገ ቁጥር መጀመሪያ እሷ ትነሳለች። ምንም አላልኩም።